ፈቃዱ ጂ+3፣ ሕንፃው ጂ+4፦ ትእዛዙ ላይ ምን ይጻፍ?

ጀማሪ_ተቆጣጣሪ
ሰላም ለሁላችሁ። በግንባታ ቁጥጥር የቆያችሁ ሰዎች እንድታዩልኝ የምፈልገው ጉዳይ አለ።

ቦታው 20 ሜትር በ25 ሜትር፣ ማለትም 500 ካሬ ነው። በዞኑ ደንብ መሠረት ሕንፃው መሬት ላይ ከይዞታው ግማሽ በላይ መያዝ አይችልም። የወለሎቹ ድምር ደግሞ ከቦታው ስፋት እጥፍ፣ ማለትም ከ1000 ካሬ ማለፍ የለበትም። ከፊት ወሰን 3 ሜትር፣ ከጎንና ከኋላ 2 ሜትር መራቅ አለበት፤ ቁመቱም እስከ 15 ሜትር ነው። የጸደቀው ፕላን 14 በ17.5 የሆነ ጂ+3 ነው።

አሁን የ4ኛው ፎቅ ግድግዳ ቆሞ የላይኛው ሶሌታም ተሞልቷል። የሥራ ማቆሚያ ተሰጥቶታል። ባለንብረቱ ብዙም አልተከራከረም፤ "ትርፉን ፎቅ አፍርሼ ልገላገል" ነው የሚለው። ትእዛዙ ላይ "ከፈቃድ ውጪ የተሠራው 4ኛ ፎቅ በ30 ቀን ውስጥ ይፍረስ" ብዬ ብጽፍ ይበቃል?

ማዕዘን_90
ገና አትጻፍ። ትርፍ ፎቅ ከመንገድ ላይም ይታያል፤ አንተ የተላክኸው ከመንገድ የማይታየውን ለመለካት ነው። ሙሉ ፎቅ የጨመረ ሰው ከዚያ በፊት ትንንሽ ነገሮችን ነካክቶ ያለፈ መሆኑ የተለመደ ነው። ባለንብረቱ በአንዴ እሺ ማለቱ ራሱ ሌላውንም እንድትለካ ሊያደርግህ ይገባል።

ሦስት ነገር ለክተህ ተመለስ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ፎቅ ርዝመትና ስፋት ለየብቻ፤ "ከታችኛው ጋር አንድ ነው" ብለህ አትለፍ። ሁለተኛ፣ ከፊት ወሰን እስከ ሕንፃው በጣም ወጣ ያለ ክፍል ድረስ ያለውን ርቀት። ከአጥሩ ተነስተህ እንዳትለካ፣ ከወሰን ችካሉ ነው። አጥር ወደ ውጭ ተገፍቶ ሲሠራ ርቀቱ በወረቀት ላይ የተሟላ ይመስላል። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ወለል ከፍታ ከሶሌታ እስከ ሶሌታ።

ጀማሪ_ተቆጣጣሪ
ለካሁ። ግራውንዱ ልክ በፕላኑ 14 በ17.5 ነው፤ ከፊት ወሰን 4 ሜትር ይርቃል። ከ1ኛ ፎቅ ጀምሮ እስከ ላይ ግን ፊት ለፊቱ በሙሉ 1.2 ሜትር ወጥቷል። ፕላኑ ላይ የለም። ባልኮኒ መስሎኝ ነበር፤ ገብቼ ሳይ በብሎኬት ተዘግቶ መስኮት ገብቶለታል፤ የክፍሉ አካል ሆኗል። ከሶሌታ ሶሌታ 3.2 ሜትር ነው።

ማዕዘን_90
ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። አብረን እናስላው።

በፕላኑ መሠረት አንዱ ወለል 14 × 17.5 = 245 ካሬ ነው። አራት ወለል 980 ይመጣል፤ ከ1000 በታች ስለሆነ ጸደቀለት። ልብ በል፣ የቀረው 20 ካሬ ብቻ ነበር።

አሁን ከ1ኛ ፎቅ በላይ አንዱ ወለል 14 × 18.7 = 261.8 ካሬ ሆኗል። 4ኛውን ፎቅ ፈርሷል ብለህ ተወውና የቀረውን ደምር፦ ግራውንዱ 245፣ ሦስቱ ፎቆች 785.4፣ በጠቅላላው 1030.4 ካሬ። ትርፉ ፎቅ ከፈረሰም በኋላ ሕንፃው ደንቡን በ30.4 ካሬ ያልፋል ማለት ነው። 4ኛው ፎቅ ሲደመር 1292.2 ይሆናል፤ ከቦታው ስፋት 2.58 እጥፍ።

የፊቱም ርቀት እንዲሁ ነው። 4 ሜትር የነበረው 1.2 ሲቀነስበት 2.8 ይቀራል፤ የሚፈለገው 3 ነው። 20 ሳንቲም ገብቷል። ቁመቱን በተመለከተ 5 ወለል በ3.2 ሲባዛ 16 ሜትር ነው፤ 4ኛው ፎቅ ሲነሳ ወደ 12.8 ይወርዳል፤ ይህኛው ብቻ በማፍረሱ ይስተካከላል።

ስለዚህ ባለንብረቱ "ፎቁን ላፍርስ" ሲል ከሦስቱ ጥሰቶች አንዱን ብቻ ነው የሰጠህ። አንተም በዚያው መልክ ከጻፍክለት ሁለቱን ትተህለታል።

የደንብ_ሰው
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ የፕላን ሕግ ይህን ነገር በግልጽ አስቀምጦታል፦ ባለሥልጣኑ በማስፈጸሚያ ማስታወቂያው ላይ አንድን ነገር እንዲነሳ መጠየቅ ሲችል ሳይጠይቅ ከቀረ፣ ማስታወቂያውም በተጻፈው ልክ ከተፈጸመ፣ ያልተጠየቀው ክፍል ፈቃድ እንደተሰጠው ይቆጠራል። አልጠየቅህም ማለት ፈቅደሃል ማለት ነው። በየአገሩ ሕጉ ይህን ባይልም ይግባኝ ሰሚው ዘንድ የሚመጣው ክርክር ያው ነው፤ "አይቶት ነበር፣ ለክቶት ነበር፣ አላለኝም" ይባላል።

ቤት_ሠሪ
ይሄ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል? አራት ዓመት ካለፈው ሕንፃው ሕጋዊ ይሆናል እኮ። በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

የደንብ_ሰው
ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን ሰው ያስበላል። አራት ዓመት የሚባለው የእንግሊዝ ደንብ ነበር። እዚያም ቢሆን ለግንባታ ሥራና አንድን ሕንፃ ወደ መኖሪያ ቤት ለመቀየር እንጂ ለሌላው የአጠቃቀም ለውጥ አሥር ዓመት ነበር። ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ለሁሉም አሥር ዓመት ሆኗል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ጊዜው ቢያልፍም ባለሥልጣኑ ፍርድ ቤት ሄዶ እርምጃ ለመውሰድ ሊያስፈቅድበት ይችላል። ሌላ አገር ይህ ገደብ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የሚሠራበትን የአካባቢውን ሕግ ሳያነብ "ጊዜ ያጸድቀዋል" ብሎ የሚጠብቅ ሰው በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት ሊጠራቀምበት ይችላል።

ጊዜ አለፈ ማለት ደግሞ አይፈርስም ማለት ብቻ ነው። ሕንፃው ይቆማል ማለት አይደለም። ያንን ፌሮ_12 ያውቀዋል።

ፌሮ_12
ስለተጠራሁ ከስትራክቸር በኩል ያለውን ልናገር።

15 ሳንቲም ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ በካሬ ወደ 375 ኪሎ ይመዝናል። 261.8 ካሬ ሲሆን ሶሌታው ብቻ 98 ቶን ገደማ ነው፤ ቢሙ፣ ብሎኬቱ፣ ወለሉ፣ ሰዉና ዕቃው ገና ነው። ይህ ሁሉ ለአራት ወለል በተሰላ ኮለንና ፋውንዴሽን ላይ ነው የተጫነው። የ1.2 ሜትሩ መውጣት ደግሞ በሌላ በኩል ይጎዳል፦ ጫፉ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ስለቆመ ኮለን ላይ የታሰሩት ቢሞች ያልተሰላ ጫና ይሸከማሉ። መውጫው ከሕንፃው በሚነሳበት፣ ሶሌታው ወደ ኮለኑ በሚጠጋበት ቦታ፣ ከላይ በኩል ከፊት ግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካለ እዩ። እዚያ ፌሮው ከላይ መሆን ሲገባው ከታች ተነጥፎ ሊሆን ይችላል።

የሴኡሉ ሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ ሰኔ 1995 (እ.ኤ.አ.) ወድቆ 502 ሰው ሞቷል። ያልነበረ አምስተኛ ወለል ተጨምሮበት፣ ኮለኖቹ ከታሰበው ቀጥነው፣ ጣሪያው ላይ ከባድ ማቀዝቀዣዎች ተጭነውበት ነበር። ከፕላን የመውጣቱ ነገር የካሬ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያነሳሁት።

ጀማሪ፣ ትእዛዝህ ላይ የማፍረሻ ዘዴም እንዲቀርብ ጠይቅ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈርሰው፤ ፍርስራሹ ግን ከ3ኛው ፎቅ በላይ ባለው ሶሌታ ላይ ይከመራል። 30 ሳንቲም የተከመረ ፍርስራሽ በካሬ 450 ኪሎ አካባቢ ነው። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ለሰውና ለዕቃ የሚታሰብለት 200 ኪሎ ገደማ ነው። በየቀኑ ካልወረደ ወይም ከሥር በድጋፍ ካልተያዘ የፈቀድከው ክፍል ራሱ ይጎዳል።

የመንገድ_ዳር
ይቅርታ በመሐል ስለገባሁ፣ የእኔም ከዚህ ጋር አንድ ነው። ማስተር ፕላኑ ላይ በቦታዬ የሚያልፍ መንገድ ተሰምሯል። ዞኑ ጂ+3 ይፈቅዳል ይባላል። ታዲያ ጂ+3 ልሠራ እችላለሁ ማለት ነው?

የፕላን_ክፍል
የአንተ ከዚህ ይለያል፤ እዚህ የተያዘው ፈቃድ አግኝቶ ከፈቃዱ የወጣ ሕንፃ ነው። ግን አጭር መልስ ልስጥህ። ማስተር ፕላን ብዙውን ጊዜ 1፡10,000 በሆነ ስኬል ይሳላል። በዚህ ስኬል 1 ሚሊሜትር መሬት ላይ 10 ሜትር ነው፤ የመስመሩ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ቢሆን እንኳ 5 ሜትር ይይዛል። ከዚያ ወረቀት ላይ ሜትር አስቀምጠህ መንገዱ ቦታህን ይነካል ወይም አይነካም ማለት አይቻልም። የአካባቢውን ዝርዝር ፕላን፣ መንገዱ በኮኦርዲኔት የተቀመጠበትን፣ ጠይቅና የወሰን ነጥቦችህ እላዩ ላይ ይውደቁ። መንገዱ የሚነካህ ከሆነ የወለል ድምሩ በቀረልህ ቦታ ነው ወይስ በሙሉው ካሬ የሚሰላው የሚለውን በጽሑፍ አስመልስ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ፎቅ ሊለያይ ይችላል።

የካርታ መስመር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማየት የሚፈልግ የኒው ዮርኩን 96ኛ ጎዳና ሕንፃ ይመልከት። ቁመት የሚገደብበት ልዩ ዞን ከፓርክ አቬኑ 150 ጫማ ድረስ ነበር። በኋላ የተሻሻለ ካርታ ላይ ግን በስሕተት 100 ጫማ ሆኖ ወጣ። ከተማው በዚያ ካርታ ተመርቶ ፈቃድ ሰጠ፤ ሕንፃው 31 ፎቅ ደረሰ። በትክክለኛው ወሰን የሚፈቀደው 19 ነበር።

ቤት_ሠሪ
እና ስሕተቱ የከተማው ከሆነ ባለቤቱ ምን አጠፋ? ፈቃድ በእጁ ይዞ ነው የሠራው።

የፕላን_ክፍል
እሱም የተከራከረው ይህንኑ ነው። የግዛቲቱ ከፍተኛ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 የወሰነው ግን ሌላ ነው፦ ሹሙ ሕግ የማይፈቅደውን ፈቃድ ቢሰጥ ፈቃዱ ሕጉን አይለውጠውም፤ ባለሙያ ያለው አልሚ ደግሞ ካርታውን ከደንቡ ጽሑፍ ጋር ቢያመሳክር ልዩነቱን ሊያገኘው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የላይኞቹ 12 ፎቆች ፈረሱ። ቀሪው ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

ለጀማሪም ይጠቅመዋል። ባለንብረቱ "የእናንተ ሰው 1ኛ ፎቅ ሶሌታ ሲሞላ መጥቶ አይቶ ፈርሟል" ካለ፣ ፊርማው የጸደቀውን ፕላን አይቀይርም። ግን እውነት ፈርሞ ከሆነ የቢሮው ችግር ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ፈልገው።

ጀማሪ_ተቆጣጣሪ
ፋይሉን አየሁ። የፋውንዴሽን ቁጥጥር አለ፣ የ1ኛ ፎቅ ሶሌታ ቁጥጥር የለም፤ ቀጥሎ ያለው የ3ኛው ነው፤ እሱም ላይ "ፌሮ በፕላኑ መሠረት" ብቻ ተጽፏል። ልኬት የለም።

ማዕዘን_90
መልሱን ራስህ አገኘኸው። 1.2 ሜትሩ የወጣው 1ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሰው ሳይሄድ የቀረውም እዚያ ነው።

ከፕላን መውጣት የሚያዝባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ክሩ ሲዘረጋ ነው፤ ያኔ ማዕዘኖቹን ከችካል መለካት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስሕተት ከተገኘም ክሩ ይፈታል፣ ያለ ብር። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ነው። የሶሌታው ፎርምወርክ ጠርዝ የት እንዳለ ከኮለኑ ፊት ይለካል፤ መውጣቱ ያኔ ጣውላ ነው፣ በነጋታው አርማታ ነው። ተቆጣጣሪዎች እዚህ ላይ ፌሮ ቆጥረው ይመለሳሉ፤ የፌሮው ቁጥር ልክ ሆኖ ሶሌታው 1.2 ሜትር ረዝሞ ሊገኝ ይችላል። የመጨረሻው የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠየቅ ነው፤ ሰው ሳይገባበት በፊት።

ለወደፊቱ አንድ ምልክት ልንገርህ። የተፈቀደው የመጨረሻ ሶሌታ ተሞልቶ ከኮለኖቹ ራስ ላይ ፌሮ አንድ ሜትር ያህል ተርፎ ካየህ ያ ሕንፃ አላለቀም። ባለቤቱ ለውኃ ታንከር ነው ይልሃል። ለታንከር አራት ኮለን ሊበቃ ይችላል፤ ሁሉም ኮለኖች ላይ ካለ ለፎቅ ነው። ፎቶ አንሳ፣ ቀን ጻፍበት፣ በደብዳቤ አስጠንቅቅ።

ሰብለ_አርክቴክት
ሒሳቡን አልቃወምም፤ መፍትሔው ግን ሁሉ ማፍረስ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። 4ኛው ፎቅ ይፍረስ፤ ቁመቱንም ጫናውንም ጥሷል። 1.2 ሜትሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ደንቦች ክፍት ባልኮኒን ከወለል ድምር አያስገቡም። የሁለት ፎቅ የፊት ግድግዳ ወደ ቦታው ቢመለስና መውጫው ክፍት ባልኮኒ ቢሆን 33.6 ካሬ ይቀነሳል፤ ድምሩ ወደ 996.8 ይወርዳል። አርማታው ሳይነካ ከድምሩ በኩል ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። የሚቀረው 20 ሳንቲሙ ነው፤ ለሱ ደንቡ ባልኮኒ ወደ ፊት ርቀቱ እንዲገባ ይፈቅድ እንደሆነ ይታያል። ከፈቀደ ሦስቱም ፎቅ ላይ ይከፈት። ባለንብረቱም የተሻሻለ ፕላን ያስገባ፣ ቅጣቱን ይክፈል።

ፌሮ_12
በዚህ እስማማለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የተሻሻለው ፕላን ከስትራክቸር ስሌት ጋር ይምጣ፤ ስሌቱም በተሠራው ልክ እንጂ በመጀመሪያው ፕላን አይሁን። የኮለኑ ፌሮ ስንት እንደሆነ በመሣሪያ ይታይ፣ የአርማታው ጥንካሬ ይለካ። ግድግዳው ከጫፍ ሲነሳ ጫናው ይቀንሳል፤ በቂ መሆኑን ግን ማንም ዓይቶ አይናገርም።

የደንብ_ሰው
እህቴ ሰብለ ያለችው ለዚህ ሕንፃ ይሠራል። በጅምላ ሲደረግ ግን እፈራዋለሁ። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2018 ከፈቃድ ውጪ የተሠሩ ሕንፃዎች በባለቤቱ ቃልና ክፍያ እንዲመዘገቡ ፈቀደች፤ የሕንፃው ጥንካሬ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው ተባለ። የካቲት 2023 የመሬት መንቀጥቀጡ ሲመጣ ያ አሠራር ምን ያህል እንደጎዳ ትልቅ ክርክር ሆነ። ገንዘብ የወለል ድምርን ጥሰት ሊያካክስ ይችል ይሆናል፤ የጎደለ ፌሮን አይተካም።

ሰብለ_አርክቴክት
እኔ ያለ ምርመራ ይመዝገብ አላልኩም። ግን 20 ሳንቲም የገባን ሁሉ እናፍርስ ካልን ቢሮው አቅሙን በሙሉ እዚያ ላይ ይጨርስና ሙሉ ፎቅ የጨመረው ያመልጣል። ጥሰቱ ጎረቤትን ጎድቷል? መንገዱን ጎድቷል? ይህ መመዘን አለበት።

ማዕዘን_90
እኔ ከሁለታችሁም መሐል ነኝ። የሚመዘነው ግን በቢሮ በጽሑፍ ይሁን እንጂ ጀማሪ ሜዳ ላይ ቆሞ አይመዝን። እሱ ያገኘውን ሁሉ ይጻፍ፤ ማቃለሉ በተሻሻለ ፕላን ጥያቄ በኩል ይምጣ።

ጀማሪ_ተቆጣጣሪ
እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

"በይዞታው ላይ የሚገኘው ሕንፃ ከጸደቀው ፕላን ውጪ 1ኛ) 4ኛ ፎቅ የተጨመረበት፤ 2ኛ) ከ1ኛ እስከ 4ኛ ፎቅ ፊት ለፊቱ 1.2 ሜትር ወጥቶ በግድግዳ የተዘጋ፤ 3ኛ) በዚህም የወለል ድምሩ 1292.2 ካሬ፣ የፊት ርቀቱ 2.8 ሜትር፣ ቁመቱ 16 ሜትር የሆነ መሆኑ በተያያዘው የልኬት ቅጽ ተረጋግጧል። ባለይዞታው 4ኛውን ፎቅ በጸደቀ የማፍረሻ ዘዴ እንዲያፈርስ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ፎቅ ያለውንም ወደ ጸደቀው ፕላን እንዲመልስ ታዟል። ይህን ትእዛዝ በመቃወም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል።"

የደንብ_ሰው
ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ማፍረሱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ አልጻፍክም፤ ያለህ የይግባኝ ቀን ብቻ ነው። ሁለቱን ለይ፤ የማፍረሻው ቀን የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይቆጠር። ሌላው ማን ተቀበለው የሚለው ነው። ካርታው ላይ ስሙ ላለው ሰው፣ ለተቋራጩ፣ ግራውንዱ ተከራይቶ ከሆነ ለተከራዩም ስጥ፤ አንዱን ቅጂ ሕንፃው ላይ ለጥፈህ ፎቶ አንሳ። ልኬቱ ትክክል ሆኖ "አልደረሰኝም" በሚል ብቻ የሚወድቅ ትእዛዝ ብዙ ነው።

ጀማሪ_ተቆጣጣሪ
አስተካክላለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መሬቱ ወደ ኋላ 1.5 ሜትር ዝቅ ይላል። ቁመቱን ከፊት ነው የለካሁት። ከኋላ ብለካው 4ኛው ከፈረሰ በኋላም 12.8 ላይ 1.5 ሲጨመር 14.3 ነው፤ የጣሪያው ዙሪያ ግንብ 90 ሳንቲም ካለው 15.2 ሊሆን ነው።

ማዕዘን_90
የደንብህን የመለኪያ አንቀጽ አንብብ፤ አንዳንዱ ከመንገድ በኩል፣ አንዳንዱ ከማዕዘኖቹ አማካይ፣ አንዳንዱ ከዝቅተኛው ነው የሚለካው። ዙሪያ ግንቡንም አንዳንዱ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። ዋናው ከየትኛው መሬት ነው የሚለው ነው፦ ከተፈጥሮው ወይስ ከተሞላው? ፈቃዱ ላይ የተያያዘ የከፍታ ሰርቬይ ካለ እሱን ያዝ፤ ግቢው በኋላ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ሰብለ_አርክቴክት
ከፊት በኩል ከተሞላ ደግሞ 16 ያልከውም ዝቅ ብሎ የተለካ ሊሆን ይችላል። ሰርቬዩን ሳታይ ሦስተኛውን ነጥብ አታጽድቅ።

ጀማሪ_ተቆጣጣሪ
ፋይሉ ውስጥ ሰርቬይ የለም። የጎረቤቱ ፈቃድ ላይ ካለ ነገ እፈልጋለሁ።